ማሽን የሚያነበው ሠንጠረዥ

የ2018ቱ የመስቀል መልካም ምኞት መግለጫችን የወጣው መስከረም 14 ማታ ነበር። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሞ በቴሌግራም ቻናላችን «እንኳን ለመስቀል በዓል በሰላም አደረሳችሁ» ተባለ። ፌስቡክ ላይ ግን በዚያ ሌሊትም፣ በበዓሉ ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም አልወጣም። ሠንጠረዡ ውስጥ ግን መልእክቱ «ወጥቷል» የሚል ምልክት ተደርጎበት ተቀምጧል።

ቡድናችን አራት ሰው ነው። በየሳምንቱ የሚወጣውን ጽሑፍ፣ ፎቶና ቪዲዮ የምንመዘግበው በጉግል ሺትስ ነው። ከሠንጠረዡ ጀርባ ትንሽ ስክሪፕት አለች። በየአምስት ደቂቃው ትነሣለች፣ ረድፎቹን ከላይ እስከ ታች ታነባለች፣ የጸደቀና ሰዓቱ የደረሰ ነገር ካገኘች ትልካለች። ያን ማታ ስክሪፕቷ ምንም አልተሳሳተችም። የታዘዘችውን በትክክል አደረገች። የተበላሸው ሠንጠረዡ ላይ የጻፍነው ነው። ረድፉ እንዲህ ይል ነበር፦ ሁኔታ «ፀድቋል»፣ ኃላፊ «እኛ»፣ መድረክ «ለቴሌግራምና ፌስ ቡክ»፣ ቀን «17/1/2018»፣ ሰዓት «2:00»። ለሰው ዓይን ይህ ረድፍ ምንም ችግር የለበትም። ማንኛችንም አንብበን እንረዳዋለን። ለማሽን ግን በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ አንድ ወጥመድ አለ። ይህን አንድ ረድፍ ሳጥን በሳጥን ላፍታታው።

ከመጀመሪያው ሳጥን እንነሣ። ስክሪፕቷ የምትፈልገው ቃል «ጸድቋል» ነበር፣ በጸሎቱ ጸ። ባልደረባችን የጻፈችው በፀሐዩ ፀ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባል፤ የትኛው ትክክል ነው በሚለው ላይ ሊከራከር ይችላል እንጂ ትርጉሙን አይስትም። ኮምፒዩተር ግን ፊደልን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ባዶ ሳጥን ውስጥ `=UNICODE("ጸ")` ብትጽፉ 4920 ይላችኋል፤ `=UNICODE("ፀ")` ብትሉት ደግሞ 4928። ለእርሱ ሁለቱ እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ላይም ነገሩ ያው ነው። «ሐሳብ» እና «ሀሳብ»፣ «ተሠርቷል» እና «ተሰርቷል»፣ «ዕርማት» እና «እርማት» ለማሽን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሠንጠረዥ አሠራርን የሚያስተምሩ የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን አይነግሩንም፤ ችግሩ የእኛ ፊደል የራሱ ነውና።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ለዓይን የማይታየው ነው። በስልክ ሲጻፍ ከቃሉ በኋላ ባዶ ቦታ ይከተላል። «ጸድቋል» አራት ፊደል ነው፤ `=LEN(B2)` ብላችሁ ስትጠይቁ 5 ካላችሁ መጨረሻው ላይ የተደበቀ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ስክሪፕቷ ያን ረድፍ ታልፈዋለች። አትጮኽም፣ አትከስም፣ ዝም ብላ ታልፋለች። እኛም ረድፋችን ለሁለት ቀን ዝም እንደ ተባለ ያወቅነው የጸደቁትን የምትቆጥረው ሳጥን አንድ ጎድላ ስላየናት ነው። መስከረም 14 ማታ አንዱ ባልደረባችን ፊደሉን አስተካከለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የመስቀሉ መልእክት ወጣ።

ፊደሉ ሲስተካከል ቀኑ ገና ሦስት ቀን እየቀረው ለምን ወጣ? የቀኑን ሳጥን እዩት። «17/1/2018» ብለን ስንጽፍ መስከረም 17 ማለታችን ነው። ሺትስ ግን የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የፋይላችን ቅንብር ቀንን ከወር የሚያስቀድም ስለ ነበር፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2018 ብሎ ወሰደው። ይህ በእነርሱ አቆጣጠር ካለፈ ሰባት ዓመት የሞላው ቀን ነው። ስክሪፕቷ «ጸድቋል፣ ቀኑም ካለፈ ቆይቷል» አለችና ወዲያው ላከችው። ቅንብሩ ወርን የሚያስቀድም የአሜሪካ ቢሆን ኖሮ ደግሞ 17ኛ ወር ስለሌለ ቀን መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠው ነበር። ይህን በዓይን መለየት ይቻላል፦ አሰላለፉን ካልነካችሁት ሺትስ ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፣ ጽሑፍ ያደረገውን ወደ ግራ። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ `=ISNUMBER(E2)` ጠይቁት።

ቡድኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ የሚል መፍትሔ ቀርቦ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትንና የጳጉሜን ቀናት በአእምሮአችን የያዝናቸው በራሳችን አቆጣጠር ነው። በየቀኑ በልብ ቀን የሚለውጥ ሰው አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም፤ ያውም አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 11 እና 12 መካከል ስለሚዘዋወር። ስለዚህ ሰው በለመደው እንዲጽፍ አደረግንና ልወጣውን ለሠንጠረዡ ሰጠነው። ዓመት፣ ወር እና ቀን በየራሳቸው ሳጥን በቁጥር ይጻፋሉ፣ በE፣ በF እና በG። ሰዓቱ H ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው የማሽኑ ሳጥን ይህን ቀመር ይይዛል፦

```
=365*E2+INT(E2/4)+30*F2+G2-691194+H2
```

ቀመሩ ከባድ ቢመስልም የሚያደርገው ቀን መቁጠር ብቻ ነው። ሺትስ ማንኛውንም ቀን የሚያስቀምጠው ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ በተቆጠረ ቁጥር ነው። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወሮች ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ፣ በየአራት ዓመቱም አንድ ቀን ስለሚጨመር፣ ስሌቱ አጭር ሆነ። 2018፣ 1 እና 17 ብትሰጡት 45927 ይመልሳል። የሳጥኑን ቅርጽ ወደ ቀንና ሰዓት ስትቀይሩት ሴፕቴምበር 27 ቀን 2025 ሆኖ ይታያል፤ መስቀል ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጋችሁ ጻፉት፣ ይሠራል።

ሰዓቱ ላይ ግን የራሳችንን ልማድ ተውን። «2:00» ብለን የጻፍነው ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት ነበር፤ ለማሽን ግን 2:00 ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓትም በእኛ አጻጻፍ «2:00» ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ትርጉም ስለሚኖረው ማሽኑ የቱን እንደ ፈለግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሰዓት የሚጻፈው በ24 ሰዓት ቁጥር ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት 8:00፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አረጋግጡ። የሺትሱ ፋይል የራሱ የሰዓት ሰቅ አለው፣ ስክሪፕቱም ለብቻው ሌላ አለው፤ ሁለቱም GMT+03:00 ላይ መሆን አለባቸው። ሰዓቱ የፋይሉ እንጂ የተመልካቹ አይደለም፤ ከዋሽንግተን የምትረዳን እኅት የራሷን ሰዓት እየጻፈች መልእክት ያሳደረችባቸው ቀኖች ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ሦስት ዓምዶች ልመለስ። አርእስቶቹን ራሳቸውን ቀየርናቸው። ስክሪፕት ዓምድን በስሙ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ «ሦስተኛው ዓምድ» ተብሎ ከተነገረው አንድ ሰው መሃል ላይ ዓምድ በጨመረ ቀን ሁሉም ይዛነፋል። በስም ከሆነ ደግሞ ስሙ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ሊኖረው ይገባል። «ኃላፊ» የሚለው ቃል ኃላፊ፣ ሀላፊ፣ ሃላፊ፣ ሐላፊ ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። «ሁኔታ»ም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት የማይገቡባቸውን ሦስት ቃላት መረጥን፦ ደረጃ፣ ተጠሪ፣ መድረክ። የመጀመሪያውንም ረድፍ ማንም እንዳይነካው ቆለፍነው።

ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ወሰድን። ዓምዱ ቀድሞ የሁሉ ነገር ማከማቻ ነበር፦ «ሊያልቅ ነው»፣ «ፎቶ ይቀረዋል»፣ «አለቃ አላዩትም»፣ «ጸድቋል ግን ቆይ»። የመጨረሻውን አስቡት። ስክሪፕቷ የምትፈልገው «ጸድቋል» የሚል ቃል ያለበትን ሳጥን ቢሆን ኖሮ «ጸድቋል ግን ቆይ» የሚለውንም ትልከው ነበር። እንዲህ ያለው ሐሳብ ቦታው የማስታወሻ ዓምድ ነው፤ ማሽኑ እርሱን ጨርሶ አያነብም። ደረጃ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ረድፍ አሁን ምን ይደረግ?

የመረጥናቸው ቃላት ሰባት ናቸው። ሰው የሚጽፋቸው ረቂቅ፣ ይታይ፣ ይውጣ እና ይቅር ናቸው። ማሽን የምትጽፋቸው በጉዞ፣ ወጣ እና ከሸፈ ናቸው። ከሰው ወገን ካሉት «ረቂቅ» ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ትእዛዝ ናቸው። ማሽን የምትጽፋቸው ሁሉ ደግሞ የሆነውን የሚናገሩ ሪፖርቶች ናቸው። አማርኛ «ይውጣ» እና «ወጣ» ብሎ በትንሽ የፊደል ለውጥ ትእዛዝንና ድርጊትን ይለያል፤ ማን ምን እንደሚጽፍ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምልክት አላገኘንም። ሰው በእጁ «ወጣ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ቀድሞ ሰዎች አስቀድመው «ወጥቷል» ይሉ ነበር፣ ሊያወጡት ስላሰቡ ብቻ፤ ማሽኗም አልቋል ብላ ትተወዋለች።

ቃላቱን ከተመሳሳይ ፊደላት ብናጸዳም ሙሉ በሙሉ አይድንም፤ «ይውጣ»ን «ይዉጣ» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ስለዚህ ቃሉ በእጅ አይጻፍም፣ ከዝርዝር ይመረጣል። ሺትስ ውስጥ Data ከሚለው ሥር Data validation የሚለውን ትከፍታላችሁ፤ መስፈርቱን Dropdown (from a range) ታደርጋላችሁ፤ ዝርዝሩን ለብቻው ባለ ገጽ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ከታች ደግሞ Reject the input የሚለውን ትመርጣላችሁ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ካልተመረጠ ሺትስ ቀይ ምልክት አድርጎ ስሕተቱን ይቀበላል። አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ከሌላ ቦታ ገልብጦ የሚለጥፍ ሰው ዝርዝሩን ጥሶ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ማሽኗም የማታውቀውን ቃል ስታይ ዝም ብላ ማለፍ የለባትም፤ የስሕተት ዓምድ ላይ «ይህን ደረጃ አላውቀውም» ብላ መጻፍ አለባት። ፀ ሁለት ቀን የበላብን ይህች አንዲት መስመር ስላልነበረች ነው።

መድረክ የሚለው ዓምድ ላይ ያለው ወጥመድ ከቋንቋችን ጠባይ የመጣ ነው። አማርኛ መስተዋድድን ከስሙ ጋር ያያይዛል። «ለቴሌግራም»፣ «በፌስቡክ»፣ «ቴሌግራሙ»፣ «ቴሌግራምና» እንላለን፤ ለማሽን አምስተኛ፣ ስድስተኛ መድረክ ናቸው። የእኛ ስክሪፕት ይህን ለማለፍ «ሳጥኑ ውስጥ ቴሌግራም የሚል አለ ወይ?» ብላ ነበር የምትጠይቀው። ለቴሌግራም ሠራ። «ፌስ ቡክ» ተለያይቶ ስለ ተጻፈ ግን ፌስቡክን አላገኘችውም። አንዱን ከላከች በኋላ «ወጥቷል» ብላ አተመችበት።

ይህን ፊደል በማስተካከል ብቻ መፍታት አይቻልም። ስሙ በትክክል ተጽፎ ቴሌግራም ተሳክቶ ፌስቡክ ቢከሽፍ ኖሮስ? ረድፉ ወጣ ይባል ወይስ ከሸፈ? አንድ ሳጥን ሁለት እውነት መያዝ አይችልም። ስለዚህ ደንባችን አንድ ረድፍ፣ አንድ መድረክ ሆነ። የመስቀሉ መልእክት ዛሬ ቢሠራ ሁለት ረድፍ ይኖረዋል፤ የጋራ መለያቸው `MESKEL-2018` ሲሆን አንደኛው `MESKEL-2018-TG`፣ ሌላው `MESKEL-2018-FB` ይባላል። ሺትስ በአንድ ሳጥን ብዙ ምርጫ የሚፈቅድ አማራጭ አለው፤ ለዚህ ዓምድ አትክፈቱት። ረድፍ ይበዛል ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ። እውነት ነው፣ ይበዛል። ግን ጽሑፉም ቢሆን አንድ አይደለም፦ ቴሌግራም ላይ ተራ መልእክት እስከ 4096 ምልክት ይይዛል፣ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ግን በ1024 ያበቃል። ለፌስቡክ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ከነፎቶው ወደ ቴሌግራም ሲሄድ ይመለሳል። ረድፉ ለየብቻ ሲሆን ጽሑፉንም ለየብቻ መለካት ይቻላል። ሁለት የቴሌግራም ቻናል ያለው ድርጅት ደግሞ የዝርዝሩ ቃል «ቴሌግራም» ሳይሆን የቻናሉ ስም ይሁን፤ ማሽኗ የምትልከው ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ነውና።

ተጠሪ ላይ «እኛ» ተብሎ ነበር። የስሕተት ማስጠንቀቂያ ሊላክለት የሚችል ሰው አልነበረም፤ «እኛ» ኢሜይል የለውም። ሌሎች ረድፎች ላይ «ሔለን»፣ «ሄለን»፣ «ሄሉ» የሚሉ ነበሩ፤ አንዲት ልጅ ናት። «ሄለን/ዮናስ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ማሽኗ ሦስተኛ ሰው ፈጠረች። ከዚያ ወዲህ ተጠሪ ከዝርዝር የሚመረጥ አንድ ስም ነው። ሌላ ገጽ ላይ ከስሙ ጎን የኢሜይል አድራሻው አለ፤ ማሽኗ ስሙን ይዛ አድራሻውን ከዚያ ትፈልጋለች። ሰው ሥራ ሲለቅ የሚስተካከለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለት ሰው የሠራበት ነገርም ቢሆን የሚጠየቅበት አንድ ነው፤ ረዳቱ በማስታወሻ ይጻፋል። «ሁላችንም» የተባለ ረድፍ ላይ ማንም ስልኩን አያነሣም።

በመጨረሻ ማሽኗ ለራሷ ሁለት ዓምድ ተሰጣት፤ ሰው አይነካቸውም፣ ግራጫ ተደርገው ተቆልፈዋል። አንደኛው የመልእክቱ ቁጥር ነው። ቴሌግራም መልእክት በተቀበለ ቁጥር `message_id` የሚባል ቁጥር ይመልሳል፤ እርሱ ይጻፍበታል። ሁለተኛው ስሕተት ነው። የስክሪፕቷ ውሳኔ ሁሉ ይህች ናት፦

```javascript
if (r["ደረጃ"] === "ይውጣ" &&
    r["ቁጥር"] === "" &&
    r["ጊዜ"] <= new Date())
```

ሦስቱም ካልተሟሉ አትልክም። ከመላኳ በፊት ደረጃውን «በጉዞ» ታደርጋለች፣ `SpreadsheetApp.flush()` ብላ በእርግጥ መጻፉን ታረጋግጣለች፣ ከዚያ ትልካለች፣ ከዚያ «ወጣ» ትላለች። ቅደም ተከተሉ ለምን? መሃል ላይ ጉግል ለአንድ ዙር የሚፈቅደው ስድስት ደቂቃ ቢያልቅ፣ ረድፉ «በጉዞ» ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር ደረጃው «ይውጣ» ስላልሆነ ድጋሚ አይላክም። ሰው ቻናሉን ከፍቶ ያያል፣ ወጥቶ ከሆነ ቁጥሩን ያስገባል፣ ካልወጣ ወደ «ይውጣ» ይመልሰዋል። አንድ መልእክት ዘግይቶ ቢወጣ ይሻላል፤ ያው የሐዘን መግለጫ ሁለት ጊዜ መውጣቱ ግን ቤተሰቡን ያስቀይማል። ሌላው ቀለም ነው። አረንጓዴ የተቀባ ረድፍ ለእኛ «አለቀ» ይላል፤ ማሽኗ ግን የምታነበው ፊደሉን ነው። ቀለም ከፈለጋችሁ ደረጃውን ተከትሎ ራሱ እንዲቀባ አድርጉ። ሳጥኖችን ማዋሐድም ተዉ፤ የተዋሐደ ሳጥን ዋጋው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ይቀመጥና ከሥሩ ያሉት ረድፎች ባዶ ሆነው ይነበባሉ።

ሠንጠረዛችሁን ዛሬ ከስክሪፕት ጋር ልታገናኙት ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት መላኪያዋን ዝጉትና የምትልከውን በስሕተት ዓምድ ላይ ብቻ እንድትጽፍ አድርጉ፦ «አሁን ይህን ለቴሌግራም እልክ ነበር»። በየማታው አንብቡት። እኛ ጥቅምት ላይ ይህን ስናደርግ በመጀመሪያው ማታ ሦስት ረድፎች በተሳሳተ ሰዓት ላይ ተቀምጠው አገኘን፤ ሦስቱም ጠዋትን በእኛ ልማድ የጻፉ ነበሩ።